ፐርሰንቱ የማን ነው?

አንድ ባንክ ለጀማሪ ባለሙያዎች የቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚመዘገበው ግን በሺዎች ይቆጠራል። ያን ሁሉ ተመራቂ አንድ በአንድ ጠርቶ ቃለ መጠይቅ ማድረግ አይቻልም። በዩኒቨርሲቲ ውጤት ብቻ መቁረጥም አያዋጣም፤ የአንዱ ግቢ 3.2 ከሌላው ግቢ 3.2 ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ የለም። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት ይፈተናል፤ ከላይ ያሉት ለቀጣዩ ዙር ይጠራሉ፣ የቀረው እዚያው ይሸኛል።

ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፦ የእንግሊዝኛ ንባብና የቃላት ዝምድና፣ በቅርጽና በምልክት የሚቀርቡ ጥያቄዎች፣ ከዚያ የቁጥር ክፍል። ተፈታኞች ሁሉንም ጠቅልለው «አፕቲትዩድ» ይሉታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰደ ሰው የጥያቄዎቹን ዓይነት ከዚያው ያውቀዋል። እዚህ የማተኩረው በቁጥሩ ክፍል ላይ ነው። ቃላትና ንባብ ዓመታት የሚፈልጉ ነገሮች ናቸው፤ የቁጥሩ ክፍል ግን በሚገባ ከተዘጋጁበት በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያል።

በአካውንቲንግ ወይም በኢንጂነሪንግ በጥሩ ውጤት የተመረቁ ልጆች ከዚህ ክፍል ሲወጡ «ቀላል ነበር፣ ሰዓት አነሰኝ እንጂ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ስሙ ሲወጣ ግን ዝርዝሩ ላይ የሉም። ሒሳቡ በእርግጥ ቀላል ነው፤ ካልኩለስ የለበትም፣ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ አማካይ፣ የሥራና የጊዜ ስሌት፣ ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብ ነው። አብዛኛው ከ8ኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም። ሰው የሚወድቀው ማካፈል አቅቶት ሳይሆን በተሳሳተው ቁጥር አካፍሎ ነው። የባሰው ደግሞ፣ በተሳሳተው ቁጥር አካፍሎ ያገኘው መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ መሳሳቱን እንኳ ሳያውቅ ይወጣል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የምርጫ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሦስቱን የተሳሳቱ ምርጫዎች ዝም ብሎ አይጽፍም። «ጥያቄውን ቸኩሎ ያነበበ ሰው ምን ያገኛል?» ብሎ ያሰላና ያንን ውጤት ያስቀምጠዋል። ይህን የተረዳ ተፈታኝ ምርጫዎቹን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል። በአንድ ምሳሌ ቀስ ብለን እንየው።

አንድ ባንክ ሦስት ቅርንጫፎች አሉት እንበል። በሁለት ተከታታይ ዓመታት የሰበሰቡት ተቀማጭ ገንዘብ በሚሊዮን ብር እንዲህ ቀርቧል።

| ቅርንጫፍ | 2015 | 2016 |
|---|---|---|
| ሀ | 240 | 300 |
| ለ | 160 | 184 |
| ሐ | 400 | 436 |
| ድምር | 800 | 920 |

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላሉ ነው፦ የቅርንጫፍ ሀ ተቀማጭ በስንት ፐርሰንት አደገ? ጭማሪው 60 ሚሊዮን ነው። ዕድገት የሚለካው ከተነሱበት ነውና 60ን ለ240 እናካፍላለን፤ 25 ፐርሰንት። ከምርጫዎቹ አንዱ 20 እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት ይቻላል፤ ምክንያቱም 60ን በአዲሱ ቁጥር በ300 ያካፈለ ሰው 20 ያገኛል። ሌላው ምርጫ 60 ይሆናል፤ ጭማሪውን እንዳለ ፐርሰንት ያደረገ ሰው ማረፊያ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል፦ ባንኩ በዓመቱ ካገኘው ጠቅላላ ጭማሪ ውስጥ የቅርንጫፍ ሀ ድርሻ ስንት ፐርሰንት ነው? ምርጫዎቹ 7.5፣ 25፣ 32.6 እና 50 ናቸው። እዚህ ላይ አራቱም ቁጥሮች ከሠንጠረዡ በትክክለኛ ሒሳብ የወጡ ናቸው። 25 የቅርንጫፉ የራሱ ዕድገት ነው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ገና ሠርቶ የጨረሰ ሰው ያንኑ ቁጥር ሲያይ እጁ ወደዚያ ይሄዳል። 32.6 የሚመጣው 300ን ለ920 ሲያካፍሉ ነው፤ ያ በ2016 ከጠቅላላው ተቀማጭ የቅርንጫፉ ድርሻ ነው፣ ከጭማሪው ግን አይደለም። 7.5 የሚመጣው 60ን ለ800 ያካፈለ ሰው ጋር ነው። የተጠየቀው ከጭማሪው ነው፤ ጠቅላላ ጭማሪው 120 ነው፤ 60 የ120 ግማሽ ነው። መልሱ 50 ነው፣ እርሳስ እንኳ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ የባንኩ ጠቅላላ ተቀማጭ በስንት ፐርሰንት አደገ? 120 ለ800፣ 15 ፐርሰንት። ነገር ግን አንዳንዱ ተፈታኝ የሦስቱን ቅርንጫፎች ዕድገት ለየብቻ ያሰላል፤ 25፣ 15 እና 9 ፐርሰንት ያገኛል፤ ይደምርና ለሦስት ያካፍላል፤ 16.3 ይመጣለታል። ብዙ ስለደከመበት ደግሞ በውጤቱ ይተማመናል። የተለያየ መጠን ያላቸውን ነገሮች ፐርሰንት ደምሮ አማካይ ማውጣት አይቻልም፤ ቅርንጫፍ ሐ ብቻውን የባንኩን ግማሽ ይይዛል፣ ቅርንጫፍ ለ ግን አንድ አምስተኛውን ብቻ። 16.3 ደግሞ ከምርጫዎቹ አንዱ መሆኑ አይቀርም።

ሦስቱም ጥያቄዎች ከአንድ ሠንጠረዥ ወጥተው የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፦ ፐርሰንቱ የማን ነው? ከየትኛው ቁጥር ተነስቶ ነው የሚለካው? ለዝግጅት አንድ ልማድ ብቻ እንድመክር ብጠየቅ ይህን እመክራለሁ። ቁጥር ከመንካት በፊት ከክፍልፋዩ ሥር የሚቀመጠውን ቁጥር መርጦ ወረቀቱ ጥግ ላይ መጻፍ ነው፤ «ከ240»፣ «ከ120»፣ «ከ800»። ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማካፈል ብቻ ነው።

ይኸው ነገር ወደ ኋላ በሚያስኬዱ ጥያቄዎች ላይ በሌላ መልክ ይመጣል። 15 ፐርሰንት ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 9,200 ብር የተሸጠ ዕቃ ከታክሱ በፊት ዋጋው ስንት ነበር? ብዙ ሰው የ9,200ን 15 ፐርሰንት አውጥቶ ይቀንሳል፤ 7,820 ይሆንለታል። ታክሱ ግን የተሰላው ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው፣ ከ9,200 ላይ አይደለም። 9,200 የመጀመሪያው ዋጋ 115 ፐርሰንት ነው፤ ለ1.15 ሲካፈል 8,000 ብር። ማረጋገጫውም ቅርብ ነው፦ የ8,000 ብር 15 ፐርሰንት 1,200 ነው፤ ሲደመር 9,200። 7,820ን በዚሁ መንገድ ብንፈትነው 8,993 ላይ ይቆማል። መልስን ወደ ጥያቄው መልሶ ማስገባት ከሁሉ የታመነው ማጣሪያ ነው፤ የምርጫ ጥያቄ ስለሆነም አንዳንዴ ከመሥራት ይልቅ ምርጫዎቹን እየመለሱ መሞከር ይፈጥናል።

ሁለተኛው ትልቅ ወጥመድ ያለው በጥያቄው የመጨረሻ ሐረግ ላይ ነው። 6 ሠራተኞች አንድን ሥራ በ10 ቀን ይጨርሳሉ፤ 4 ቀን ከሠሩ በኋላ ሁለቱ ሄዱ፤ ሥራው በጠቅላላው በስንት ቀን ያልቃል? ሥራውን በሰው ቀን መለካት ነው፤ 6 ሰው በ10 ቀን 60 የሰው ቀን ይሆናል። በ4 ቀን 24 ተሠርቷል፤ 36 ይቀራል። የቀሩት 4 ሰዎች በ9 ቀን ይጨርሱታል። 9 ከምርጫዎቹ አንዱ ነው። ጥያቄው ግን ቀሪውን ሳይሆን ጠቅላላውን ጠይቋል፤ መልሱ 13 ነው። ስሌቱን በትክክል ሠርቶ አንድ እርምጃ ሲቀረው መልስ የሚያጠቁር ተፈታኝ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሠርቶ ሲጨርስ የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር እንደገና ማንበብ እንደ ግዴታ መያዝ አለበት።

ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑም የራሱ ጣጣ አለው። «ኢንክሪዝድ ባይ 200» ሲል 200 ተጨመረ ማለት ነው፤ «ኢንክሪዝድ ቱ 200» ሲል ግን 200 ደረሰ። በአንዲት ትንሽ ቃል ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ከሠንጠረዡ በላይ በትናንሽ ፊደል የተጻፈው «በሺህ ብር» ወይም «በሚሊዮን ብር» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ሦስት ዜሮ ሊጎድለው ይችላል። ለዚህ የሚሆነው ልምምድ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጥያቄዎችን አንብቦ፣ ምንም ሳያሰሉ፣ የተጠየቀውን በአንድ አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። መናገር ያቃተውን ጥያቄ መሥራትም አይቻልም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። እዚህ አገር በወረቀት በሚሰጡ ፈተናዎች ብዙ ጊዜ ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ ዩኒቨርሲቲ አራትና አምስት ዓመት በካልኩሌተር የኖረ እጅ ደግሞ ረጅም ማካፈልን ረስቷል። መፍትሔው ረጅም ማካፈልን እንደገና መማር ብቻ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ሳያካፍሉ ማለፍን መልመድ ነው። የ640ን 17.5 ፐርሰንት ፈልግ ቢባል 10 ፐርሰንቱ 64 ነው፤ ግማሹ፣ ማለትም 5 ፐርሰንቱ 32፤ የዚያ ግማሽ፣ 2.5 ፐርሰንቱ 16። ሲደመር 112። ወረቀት ላይ ማባዛት የለም።

ግምት ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል፣ ግን መቼ እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል። ከ1,790 አመልካቾች 437ቱ ቢያልፉ ስንት ፐርሰንት ነው? ምርጫዎቹ 18.2፣ 24.4፣ 31.0 እና 41.0 ናቸው። ተፈታኙ 450 ለ1,800 ብሎ ቢያስብ ሩብ፣ 25 ፐርሰንት አካባቢ መሆኑን ወዲያው ያያል፤ አጠገቡ ያለው 24.4 ብቻ ነው፤ ጨርሷል። ምርጫዎቹ ግን 24.1፣ 24.4፣ 24.7 እና 25.1 ቢሆኑ ይህ መንገድ አይረዳም፤ በትክክል ማካፈል ግድ ይሆናል። ስለዚህ ስሌት ከመጀመር በፊት ምርጫዎቹን ማየት ያስፈልጋል፤ ምን ያህል እንደተራራቁ ሲያዩ ምን ያህል በጥንቃቄ ማስላት እንዳለባቸው ይታወቃል። ከግማሽ እስከ አንድ አሥረኛ ያሉ ክፍልፋዮችን በፐርሰንት በቃል መያዝም ትልቅ እርዳታ ነው፤ አንድ ስምንተኛ 12.5፣ አንድ ስድስተኛ 16.7፣ አንድ ሰባተኛ 14.3 መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብዙ ጥያቄ ውስጥ ግማሽ መንገድ ይሻገራል።

ሁሉም ፈተና ግን አንድ ዓይነት ፍጥነት አይፈልግም። በአሜሪካ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በቀጣሪዎች ዘንድ የታወቀው የዎንደርሊክ ፈተና 50 ጥያቄ በ12 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 15 ሰከንድ እንኳ አይደርስም። የአውሮፓ ኅብረት ሠራተኞቹን ሲመለምል ለዓመታት በተጠቀመበት የቁጥር ክፍል ደግሞ ለ10 ጥያቄ 20 ደቂቃ ይሰጥ ነበር፤ በስክሪን ላይም ካልኩሌተር ነበረው። በመጀመሪያው ዓይነት ከባዱን ጥያቄ ዘሎ ቀላሉን መልቀም ያዋጣል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ጥያቄው ራሱ ረጅም ነው፣ ካልኩሌተሩም ስላለ ፈታኙ የሚፈትነው የማንበብ ጥንቃቄን ነው። በውጭ አገር ሆነው በኦንላይን የሚፈተኑ ወገኖቻችን የሚያጋጥማቸው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ እዚህ ለባንክ የሚዘጋጀው ልጅ ደግሞ ወደ መጀመሪያው የቀረበ ነገር ይጠብቀዋል። የሚለማመዱበት ጥያቄ ከሚፈተኑበት ፍጥነት ጋር ካልተመሳሰለ ልምምዱ ግማሹ በከንቱ ይሄዳል። የጥያቄውን ብዛትና የተሰጠውን ደቂቃ ከቀጣሪው ማስታወቂያ ወይም ቀድሞ ከተፈተነ ሰው ጠይቆ፣ አካፍሎ፣ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰውን ሰከንድ ማወቅ የዝግጅቱ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ሰዓቱን የሚበሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ የቁጥር ቅደም ተከተሎች ናቸው። 2፣ 5፣ 11፣ 23፣ 47፣ ቀጥሎስ? በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ሲያወጡ 3፣ 6፣ 12፣ 24 ይመጣል፤ ልዩነቱ እጥፍ እየሆነ ነው፤ ቀጣዩ ልዩነት 48፣ መልሱ 95። እንዲህ ልዩነቱን አንዴ፣ ካልሆነም የልዩነቱን ልዩነት አውጥቶ፣ ቁጥሮቹ ተራ እየጠበቁ የሚሄዱ ሁለት የተቀላቀሉ ዝርዝሮች መሆናቸውንም አይቶ መንገዱ ካልታየ ትቶ ማለፍ ነው። ቅደም ተከተል እልህ ውስጥ ያስገባል፤ «ልትገለጥልኝ ነው» እያለ አንድ ተፈታኝ አራት ቀላል ጥያቄ የሚሠራበትን ጊዜ ያጠፋበታል። ሁለቱ ግን እኩል ነጥብ ነው ያላቸው።

ትቶ ማለፍ ሲባል በመልስ መስጫ ወረቀቱ ላይ አንድ አደጋ አለ። 14ኛውን ዘሎ የ15ኛውን መልስ በ14ኛው ክብ ላይ ያጠቆረ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ አሳስቶ ይሄዳል። መልስን በየአምስት ጥያቄው ቁጥር እያስተያዩ ማጥቆር ይህን ያስቀራል። በኮምፒውተር ሲሆን ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የማይፈቅዱ ፈተናዎች አሉ፤ እዚያ «በኋላ እመለስበታለሁ» ማለት አይሠራም፤ በተሰጠው ሰከንድ ውስጥ ወይ መልስ ወይ ግምት ነው።

ግምትም ሒሳብ አለው። ለስህተት ነጥብ የማይቀነስ ከሆነ ባዶ መተው ራስን መጉዳት ነው፤ የመጨረሻው ደቂቃ ላይ የቀረውን ሁሉ ማጥቆር ይገባል። አራት ምርጫ ባለበት ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ሦስተኛ ነጥብ የሚቀነስ ከሆነ ግን በጭፍን መገመት በአማካይ አይጠቅምም፣ አይጎዳምም። አንዱን ምርጫ በእርግጠኝነት ማስወገድ ከቻሉ ያኔ መገመት ያዋጣል። የነጥብ አቆራረጡ ብዙውን ጊዜ በፈተናው የመጀመሪያ ገጽ መመሪያ ላይ ይጻፋል፤ በጥድፊያ የሚዘለለውም እሱው ገጽ ነው።

ስለ መለማመጃው አንድ ነገር ልበል። «የእገሌ ባንክ ያለፈ ፈተና» የሚሉ ፒዲኤፎች በቴሌግራም ይዞራሉ፣ ይሸጣሉም። ለጥያቄ ዓይነት ማያ ይጠቅማሉ። በቃል ለመሸምደድ ግን አይሆኑም፤ ቁጥሩ አንድ ቦታ ሲቀየር ሽምደዳው ይፈርሳል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመልስ ቁልፋቸው ነው። ብዙዎቹ በእጅ የተቀዱና በችኮላ የተተየቡ በመሆናቸው ስህተት ሞልቶባቸዋል፤ ትክክል የሠራ ልጅ ቁልፉን አይቶ ራሱን ይጠራጠራል፣ ያላጠፋውንም ያስተካክላል። ቁልፍና መልስ ሲጋጩ መልሱን ወደ ጥያቄው አስገብቶ ማየት ነው፤ ከላይ በ9,200 ብሩ እንዳደረግነው። ሁለተኛ ሰው ለብቻው ሠርቶት ያው ከመጣ ቁልፉ ነው የተሳሳተው። «የነገው ፈተና ወጥቷል» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁትን በተመለከተ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ወይ አጭበርባሪዎች ናቸው፣ ወይ ሌብነት ነው።

ልምምዱ ራሱ እንዴት ይሁን? በመጀመሪያ አንድ ሙሉ ፈተና በእውነተኛው ሰዓት፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ያለ ስልክ መውሰድ። ውጤቱ ያስደነግጥ ይሆናል፤ የሚፈለገው ግን ነጥቡ ሳይሆን የስህተቱ ዓይነት ነው። እያንዳንዱን የተሳሳተ ጥያቄ አንድ ደብተር ላይ ከሦስት በአንዱ ሥር መመዝገብ ይበቃል፦ መንገዱን አላውቀውም፣ አሳስቼ አነበብኩ፣ ሰዓት አለቀብኝ። ሦስቱ ሦስት የተለያየ መድኃኒት ያላቸው ሕመሞች ናቸው። መንገዱን የማያውቅ ሰው ፍጥነት ቢለማመድ ስህተቱን ያፋጥናል እንጂ አያርምም፤ እሱ ያለ ሰዓት፣ ረጋ ብሎ፣ ያንን አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ደጋግሞ መሥራት አለበት። አሳስቶ የሚያነብ ሰው ሒሳብ ቢያጠና ምንም አይጨምርለትም፤ የሚያስፈልገው ያ «ከስንት?» ብሎ የመጻፍ ልማድና የመጨረሻውን መስመር ደግሞ የማንበብ ግዴታ ነው። ሰዓት የሚያልቅበት ደግሞ ግምትንና መዝለልን ይለማመዳል።

የብዙ ልጆችን ደብተር ሳይ ትልቁ ክምር ያለው ከመካከለኛው ሥር ነው፤ አሳስቼ አነበብኩ። ባለቤቶቹ ግን ስለዚህ ክምር «እሱማ አውቀዋለሁ» ብለው ያልፉታል። የሚያውቁትን ጥያቄ ነው ነጥብ ያጡበት፤ ለማስተካከልም ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነበር።

ከዚያ በየቀኑ ለአርባ ደቂቃ ያህል መሥራት፣ በሳምንት አንዴ ሙሉ ፈተና በሰዓት መውሰድ ለብዙ ሰው ይበቃል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ፈተና ነጥብ ከፍ ይላል፤ ይህ ተፈታኙ ከፈተናው ዓይነት ጋር በመለማመዱ የሚመጣ ነው፣ ደግሞም የመጀመሪያውን እውነተኛ ፈተና ሳይለማመዱ መግባት የሌለባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላ ላይ ጭማሪው እየቀነሰ ይመጣል። ከሦስትና አራት ሙሉ ፈተና በኋላ ነጥቡ ከቆመ ተጨማሪ ጥያቄ ከመሥራት ይልቅ ወደ ደብተሩ ተመልሶ የትኛው ክምር እንዳልቀነሰ ማየት ይሻላል።

ነጥቡ ምን ማለት እንደሆነም ማወቅ ያረጋጋል። በዚህ ዓይነት ማጣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከሌሎች መብለጥ ነው። ቀጣሪው ለቃለ መጠይቅ 300 ሰው መጥራት ከፈለገ ከላይ 300ኛው ያለበት ቦታ ላይ ይቆርጣል፤ ፈተናው ከባድ ከሆነ ከመቶ 55 ያመጣ ሊያልፍ ይችላል፣ ቀላል ከሆነ 75 ያመጣ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በፈተናው መካከል «ብዙ አላወቅኩም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ለአንዱ የከበደ ለሌላውም ሳይከብደው አይቀርም።

ፈተናው የሰውን ችሎታ ሁሉ ይለካል ማለት ግን አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው ከጦር ሠራዊት ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሮበርት የርክስ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ የመራው ቡድን ለምልምል ወታደሮች በጅምላ የሚሰጥ ፈተና አዘጋጀ፤ ወደ 1.7 ሚሊዮን ሰውም ተፈተነ። ከጦርነቱ በኋላ ሐሳቡን ፋብሪካዎችና ቢሮዎች ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽሚትና ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን አጠቃለው፣ የዚህ ዓይነት ፈተና ከኋላ የሥራ ውጤት ጋር ያለውን ዝምድና 0.51 አድርሰውት ነበር፤ 1 ፍጹም ዝምድና ነው፣ 0 ምንም። በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና መርምረው ወደ 0.31 አወረዱት፤ ከላይ ያስቀመጡት ለሁሉም እኩል በተዘጋጁ ጥያቄዎች የሚካሄድ ቃለ መጠይቅን ነው። ፈተናው አንድ ነገር ይናገራል፣ ብዙ ነገር ደግሞ አይናገርም። ይህን የሚያውቁ ቀጣሪዎች ወረቀቱን ለማጣሪያ ብቻ ተጠቅመው ውሳኔውን ለቀጣዩ ዙር ይተዋሉ፤ የወረቀቱን ነጥብ እስከ መጨረሻው ይዘው የሚሄዱት ደግሞ ጥሩ ሠራተኛ እያለፋቸው ነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ረጅም ሆኖ ሲቀርብ፣ የቁጥር ችሎታን ነው ወይስ የንባብ ፍጥነትን የሚለካው የሚለው ጥያቄ መነሳት አለበት።

በኦንላይን የሚፈተን ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ቤት ሆነው የሚወሰዱ ፈተናዎችን ሌላ ሰው ሊሠራላቸው የሚያስቡ አሉ። ብዙ ቀጣሪዎች ያለፉትን በኋላ በአካል ጠርተው አጠር ያለ ሁለተኛ ፈተና ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ውጤቶች በጣም ከተራራቁ ማመልከቻው እዚያው ይዘጋል።

አንድ ተመራቂ የሚፈተነው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ የአንዱ ባንክ ሳያልቅ የሌላው ማስታወቂያ ይወጣል። ስለዚህ ከአዳራሽ ወጥቶ ታክሲ ከመሳፈሩ በፊት፣ ገና ከአእምሮው ሳይጠፋ፣ የጥያቄዎቹን ዓይነት ደብተሩ ላይ ማስፈር ይጠቅመዋል፤ ጥያቄዎቹን ለመሸጥ ወይም ለማሰራጨት ሳይሆን ለራሱ። ስንት ጥያቄ ነበር፣ ስንት ደቂቃ፣ ሠንጠረዥ ስንት፣ ቅደም ተከተል ስንት፣ የት ላይ ሰዓት አለቀበት፣ ለስህተት ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም። የሚቀጥለውን ሳምንት ልምምድ የሚያዘጋጀው ከዚያ ገጽ ተነስቶ ነው፤ ሠንጠረዥ በርክቶ ከሆነ ሠንጠረዥ፣ የሥራና የጊዜ ስሌት ከሆነ የሰው ቀን ስሌቱን።